መዝገባችን ሲቃጠል ለግብር መሥሪያ ቤቱ የጻፍነው ደብዳቤ

የምሠራበት ድርጅት የመኪና መለዋወጫ በጅምላ ይሸጣል። እኔ ያለሁት ሒሳብ ክፍል ነው። እሳቱ የተነሳው ሌሊት ሲሆን ሰው አልተጎዳም። ግን የቢሮው ጎን ከነመደርደሪያው ነደደ፣ መጋዘኑም አብሮ ነደደ፣ ያልነደደውን ወረቀት ደግሞ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ አራሰው። የዓመቱ ግብር ማስታወቂያ ገና አልቀረበም ነበር። ስለዚህ ገና ጢሱ ሳይለቅ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ምን ብለን እንጻፍ የሚለው ጥያቄ መጣ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ለገጠመው ሰው ነው። እሳትም ይሁን ጎርፍ ነገሩ ብዙም አይለይም። ደብዳቤው ቀላል ይመስላል፤ "አደጋ ደርሶብናል፣ ይታወቅልን" ብሎ ማህተም ማሳረፍ ብቻ። ባለቤቱም መጀመሪያ ያዘጋጁት እንደዚያ ነበር። አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ሁሉም ሰነዳችን ወድሟልና በትብብር እንዲታይልን የሚል። አነበብኩትና "ጋሼ፣ ይሄንን የሚያነበው ሰው ምን ያድርግበት?" አልኳቸው። እውነት ነው፣ ያዝን ይሆናል። ግን ፋይሉን ዘግቶ ሲቀመጥ በእጁ ያለው ማስረጃ የሌለው ግብር ከፋይ ነው፣ ማስረጃ ለሌለው ግብር ከፋይ ደግሞ ብዙ ቦታ ሕጉ የሚለው ግብሩ በግምት ይወሰን ነው። ግምቱን የሚሠራው ያው ሠራተኛ ነው። ወጪያችንን አያውቅም፣ ስለዚህ አይቀንስልንም።

ደብዳቤው ያንን ግምት ቀድሞ የሚተካ መሆን አለበት። ምን እንደጠፋ፣ ምን እንደተረፈ፣ የጠፋው ከየት እንደሚገኝ፣ በምን ቀን እንደሚቀርብ፣ የማይገኘው ደግሞ በምን ስሌት እንደሚሞላ። ይህን ካገኘ አንባቢው የሚከታተለው ነገር አለው።

ለመጻፍ ግን መጀመሪያ ፍርስራሹን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ጠፍቷል ያለው ነገር በሳምንቱ ይገኛል፣ ደብዳቤው ላይ እምነት ይጠፋል። ወረቀት የሚቃጠለው ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ጥቅጥቅ ብሎ የታሰረ ፋይል ውስጡ አየር ስለማይገባ ዳር ዳሩን ይከስልና መሐሉ ይተርፋል። እኛም ጋ የቆዩት የግዢ ፋይሎች እንደዚያ ሆነው ነው ያገኘናቸው። ጫፋቸው ጠቁሯል፣ ቀኑና ጠቅላላ ድምሩ ግን ይነበባል። በአንጻሩ ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ እሳት ባይነካውም ሙቀቱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ያጠቁረዋል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጻፍበት ዓይነት ነው። ሳጥን ሙሉ ደረሰኝ ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ጠበቀን። ስለዚህ ወረቀቱ እያለ ጽሑፉ የጠፋ የሚል ዓይነትም አለ፣ ደብዳቤው ላይ ለብቻው መጠቀስ አለበት።

የራሰውን በሚመለከት ጊዜ የለም። እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ይሻግታል። ማድረቅ የምትችሉትን ያህል ብቻ በጥላ ዘርግታችሁ አድርቁ፣ የተረፈውን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ሻጋታውን ያቆመዋል፣ በኋላ ቀስ እያላችሁ ታደርቁታላችሁ። የተጣበቀ ገጽ በኃይል አትለያዩ። በእስክሪብቶ የተጻፈና በሌዘር ፕሪንተር የታተመ ውሃን አብዛኛውን ጊዜ ይችላል፣ በፈሳሽ ቀለም በሚሠራ ፕሪንተር የታተመው ግን ይፈሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አድኑ። ውሃ የገባበትን ኮምፒውተር ደግሞ ይሠራ እንደሆነ ብላችሁ አታብሩት። ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ እንዳለ ስጡት። ካዝና ካላችሁ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት፣ ውስጡ ገና ከጋለ አየር ሲያገኝ ወረቀቱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሌላው፣ ከሰልም ቢሆን አትጣሉ። ኢንሹራንሱም ግብር መሥሪያ ቤቱም ሰው ልኮ ማየት ሊፈልግ ይችላል። ፎቶ አንሱ፣ ሣጥን ላይ ጽፋችሁ ለዩት፣ ማየት እንደሚቻልም ደብዳቤው ላይ ጻፉ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብዙ ጥርጣሬ ታስቀራለች።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን የጻፍነው። መግቢያው አጭር ነው። የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አደጋው የደረሰበት ቀንና ቦታ፣ ቦታው ላይ የደረሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሰጡት ሪፖርት ቁጥር፣ የፖሊስ ማስረጃ ካለ እሱም፣ ለኢንሹራንስ ያመለከትንበት ቁጥር። የእሳቱ መንስኤ ገና ካልታወቀ "መንስኤው በመጣራት ላይ ነው" ብቻ ይበቃል። ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መገመት አያስፈልግም፣ ሪፖርቱ ሌላ ካለ ደብዳቤው የመጀመሪያውን ስህተት ይዞ ይገባል።

ቀጥሎ የጠፋው። እዚህ ጋ ረዘም ብዬ ብቆይ ይሻላል፣ ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። እያንዳንዱ የሰነድ ዓይነት ለብቻው፣ ከየትኛው ወር እስከየትኛው ወር እንደሆነ፣ ሁኔታው ምን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፋል። የእኛ ክፍል በከፊል እንዲህ ይል ነበር፦

"የወደሙ ሰነዶች፦ የያዝነው ዓመት የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ደረሰኝ ቀሪዎች ሙሉ በሙሉ፤ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ቀሪዎች የመጨረሻዎቹ አራት ወራት ሙሉ በሙሉ፣ የቀደሙት ወራት በከፊል የሚነበቡ፤ የመጋዘን ስቶክ ካርዶች ሙሉ በሙሉ፤ የአነስተኛ ወጪ ማስረጃዎች ሙሉ በሙሉ። የተረፉ ሰነዶች፦ የግዢ ደረሰኞች ዳራቸው የከሰለ ነገር ግን ቀን፣ የሻጭ ስምና ድምር የሚነበብባቸው፤ ባለፉት ዓመታት ለመሥሪያ ቤታችሁ የቀረቡ የሒሳብ መግለጫዎች ከውጭ ኦዲተሩ ዘንድ የሚገኙ ቅጂዎች፤ የሊዝና የኪራይ ውሎች ከካዝና የተገኙ። የወደሙትም ሆነ የተጎዱት ቅሪቶች በሣጥን ተለይተው ተቀምጠዋል፤ በማንኛውም የሥራ ቀን መመልከት ይቻላል።"

የተረፈውን መጻፍ የሚፈሩ አሉ። "ሁሉም ተቃጠለ ካልን አይጠይቁንም" ይላሉ። በተቃራኒው ነው የሚሆነው። ከእሳት የተረፈውን በዝርዝር የሚናገር ሰው የጠፋውንም ሲናገር ይታመናል። ደግሞም የተረፈው ዝርዝር መልሶ ለመሥራት የምትጠቀሙበት ጥሬ ዕቃ ስለሆነ የግድ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይረሳሉ፦ ያልተጻፈባቸው የደረሰኝ ጥራዞች። መሳቢያ ውስጥ የነበሩ፣ ቁጥር የታተመባቸው፣ ገና ያልተሸጠባቸው። እነዚህ ተቃጥለው ከሆነ ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር እንደሆነ ደብዳቤው ላይ መግባት አለበት። አለበለዚያ ወደፊት አንዱ ከዚያ ቁጥር ጋር የሚመሳሰል ደረሰኝ ይዞ ቢመጣ ሽያጩ የእናንተ ነው፣ ወይም ደግሞ ቁጥሩ ስለተዘለለ ሽያጭ ደብቃችኋል ትባላላችሁ። ቁጥሩን ያገኘነው ካሳተምንበት ማተሚያ ቤት ነው። የመጨረሻው የተጠቀምንበት ቁጥር ደግሞ ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ከገዛ ደንበኛ እጅ ካለው ዋናው ደረሰኝ።

ይሄ ዋናው ደረሰኝ የሚባለው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ሀብት ነው። የተቃጠለብን ቀሪው ነው፣ ዋናው ደንበኛው ጋ አለ። ነጋዴ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ወጪውን ለማስረዳት ስለሚያስፈልገው አይጥለውም። ለትልልቆቹ ደንበኞች በሙሉ አጭር ደብዳቤ ጻፍን። በዚህና በዚህ ጊዜ መካከል ከእኛ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ቅጂ፣ የከፈላችሁትንና ያልከፈላችሁትን ከራሳችሁ መዝገብ ላኩልን የሚል። ይሄ ደብዳቤ ላይ "ይህን ያህል ዕዳ አለባችሁ" ብላችሁ በግምት ቁጥር አትጻፉ። ከእነሱ መዝገብ ይምጣ፣ ከዚያ ከባንክ ገቢያችሁ ጋር አስተያዩት። ዕዳውን አሳንሶ የሚልክ አይጠፋም። እሱን የምትይዙት በዕቃ ማድረሻ ወረቀት፣ በሹፌሩ ደብተር፣ ወይም ስልክ ላይ በቀረ መልእክት ነው። የሽያጭ ሠራተኞቻችን ስልክ ውስጥ "እንዲህ እንዲህ ላኩልኝ" የሚሉ ትዕዛዞች ከነቀናቸው ተከማችተው ነበር፣ በስክሪን ፎቶ አውጥተን በቀን ደረደርናቸው።

ደሞዙን ቶሎ ልለፈው፣ ቀላሉ እሱ ነው። በየወሩ ከደሞዝ ላይ የተቆረጠው ግብርና የጡረታ መዋጮ ከነስም ዝርዝሩ ቀድሞ ለመንግሥት ገብቷል፣ ደሞዙም በባንክ ተላልፏል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ አለቀ። ቋሚ ንብረትም እንዲሁ፤ ያለፈው ዓመት የእርጅና ቅናሽ ሠንጠረዥ ኦዲተሩ ጋ አለ፣ የኢንሹራንስ ውሉም የዕቃ ዝርዝር አለው።

ከባዱ የዓመቱ ሽያጭና አደጋው ቀን መጋዘን ውስጥ የነበረው ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ስሌቱን ደብዳቤው ውስጥ ማሳየት ያስፈልጋል። "በባንክ መግለጫ መሠረት ይዘጋጃል" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቁጥሮቹን ለማንበብ እንዲመች አጠጋግቼ፣ የሽያጭ ታክስን አውጥቼ አቀርበዋለሁ። አሠራሩ ነው ዋናው።

ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ አደጋው ቀን ባንክ ውስጥ የገባው ገንዘብ ድምር 1,290,000 ነበር እንበል። ይህ ሽያጭ አይደለም፣ የገባ ገንዘብ ነው። ከውስጡ 80,000ው ከባንኩ የተወሰደ ብድር ነው፣ ይወጣል። 60,000ው ከአንዱ ሒሳባችን ወደሌላው ያዛወርነው ነው፣ ይወጣል። 40,000ው ያለፈው ዓመት የዱቤ ሽያጭ ዘንድሮ የተከፈለ ነው፣ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ውስጥ ሽያጭ ተብሎ ስለገባ እሱም ይወጣል። ቀሪው 1,110,000 ነው። አሁን የሚደመረው፦ ዘንድሮ በዱቤ ተሽጦ አደጋው እስከደረሰበት ቀን ያልተከፈለ 90,000፣ ይህን ያገኘነው ከደንበኞቹ ነው። በጥሬ ገንዘብ ተሽጦ ባንክ ሳይገባ ለጭነት፣ ለዕለት ሠራተኛና ለመሳሰሉት የተከፈለ ደግሞ 50,000። ድምሩ 1,250,000 ይሆናል። የዓመቱ ሽያጭ ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ የደመርናት 50,000 ብዙዎች የሚተዉዋት ናት፣ ሽያጭ ስለሚያበዛ። ግን ከተዋችኋት በሚቀጥለው ገጽ ላይ የምትጠይቁት የአነስተኛ ወጪ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አትችሉም። መርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው ይሄ ነው። ወጪውን በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ የሚል ሰው ጥሬ ገንዘቡን ከሽያጭ ማምጣት አለበት።

ሽያጩ ከታወቀ የዕቃው ክምችት ይመጣል። ያለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ቆጥረን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳወቅነው ክምችት 400,000 ነበር። ዘንድሮ የተገዛው ከአቅራቢዎች በጽሑፍ በተላከልን የሒሳብ መግለጫና ከተረፉት የግዢ ደረሰኞች ተደምሮ 900,000። ድምሩ 1,300,000 የሚያወጣ ዕቃ ለሽያጭ ነበረን ማለት ነው። ካለፉት ሦስት ዓመታት መግለጫ እንደሚታየው ከሽያጩ ጥቅል ትርፋችን 19፣ 21 እና 20 በመቶ ነበር፣ አማካዩ 20። ስለዚህ የ1,250,000 ሽያጭ የዕቃ ዋጋ ሰማንያ በመቶው ነው፣ 1,000,000። ከ1,300,000 ላይ 1,000,000 ሲቀነስ እሳቱ የደረሰበት ዕቃ 300,000 ይሆናል።

እዚህ ላይ ማቆም አይቻልም። ትርፉ 20 ሳይሆን 19 በመቶ ቢሆን የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 1,012,500 ይሆንና ክምችቱ ወደ 287,500 ይወርዳል። 21 ቢሆን ደግሞ ወደ 312,500 ይወጣል። እኛ ሁለቱንም ጻፍናቸው። "ክምችቱ በዚህ መካከል ነው፣ አማካዩን ወስደናል፣ ምክንያቱም ዘንድሮ የዋጋ አወጣጣችን አልተለወጠም" ብለን። ዋጋ ከለወጣችሁ፣ ወይም አነስተኛ ትርፍ ያለው አዲስ ዓይነት ዕቃ ከጨመራችሁ፣ ያለፈው ዓመት ትርፍ አይሠራላችሁም። ያኔ ከተረፉት የግዢ ደረሰኞችና ደንበኞች ከላኩት ደረሰኝ ላይ ተመሳሳይ ዕቃዎችን እየመረጣችሁ የተገዛበትንና የተሸጠበትን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጡና የዘንድሮውን ትርፍ ከዚያ አውጡ። በዕቃ ዓይነት ከፍሎ መሥራትም ይቻላል፤ ጎማ ለብቻ፣ ዘይት ለብቻ፣ ትርፋቸው ስለሚለያይ።

ውጤቱ ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? አንደኛው መፈተኛ መጋዘኑ ራሱ ነው። ብረት እንደ ወረቀት አይጠፋም። የተቃጠለው መደርደሪያ ላይ የቀረውን ብረት ቆጠርን፣ ላስቲክና ካርቶኑን አይቶ መቁጠር ባይቻልም። በስሌት 300,000 የወጣ መጋዘን ውስጥ የዚያን እሩብ እንኳ የማይሞላ ብረት ቢገኝ ስሌቱ የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ያልተመዘገበ ሽያጭ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው መፈተኛ ቦታው ነው፤ መጋዘኑ የሚይዘውን ያህል ነው ወይስ ከሚይዘው በላይ ብለን ጠየቅን።

ይህ ቁጥር ወደ ኢንሹራንሱም ይሄዳል። እዚህ ላይ በጣም በግልጽ ልናገር። ለኢንሹራንስ የተቃጠለው ዕቃ ብዙ ነው፣ ለግብር ደግሞ ትርፉ ትንሽ ነው ለማለት ሁለት ዓይነት ስሌት የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ክምችቱ ከፍ ካለ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ያንሳል፣ ትርፉ ይጨምራል፣ ግብሩም ይጨምራል። ሁለት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ወረቀቶች በሁለት መሥሪያ ቤት ከተገኙ አንደኛው ሐሰት መሆኑ ያለ ምርመራ ይታወቃል። በተጨማሪም ካሳው ሲከፈል በግብር ሒሳቡ ላይ መግባት ስላለበት የኢንሹራንሱ ወረቀት ወደ ግብር ፋይሉ መምጣቱ አይቀርም። አንድ ስሌት ሠርታችሁ ለሁለቱም እሱኑ ስጡ፣ ደብዳቤው ላይም "ይኸው ስሌት ለኢንሹራንስ ድርጅቱም ቀርቧል" በሉ።

መልሶ መሥራት ማለት ደረሰኝ መልሶ መጻፍ አይደለም። ይህን የምለው ሰው በቅንነት ሊያደርገው ስለሚችል ነው። አንድ አቅራቢ "የጠፋባችሁን ደረሰኝ በድሮ ቀን ልጻፍላችሁ" ብሎን ነበር፣ ሊረዳን ብሎ። እምቢ አልን። የምንፈልገው የእሱ ቀሪ ፎቶ ኮፒ ሆኖ፣ ከዋናው ጋር ትክክል ነው የሚል ማህተም ያለበትና የተሰጠበት የዛሬ ቀን የተጻፈበት ነው። እኛ ራሳችን ያዘጋጀናቸው ሠንጠረዦችም ላይ በሙሉ ከላይ "ከአደጋው በኋላ ከሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ የተዘጋጀ" የሚል ጽሑፍና የተዘጋጀበትን ቀን አስገባን። የተፈጠረ ደረሰኝ አንድ ከተገኘ እውነተኛዎቹም አብረው ይጣላሉ።

የማይገኝም አለ። ለእኛ የማይገኘው አነስተኛ ወጪ ነበር፤ ጭነት፣ ጽሕፈት መሣሪያ፣ ትንንሽ ጥገና። እነዚህ ከማን ቅጂ ይምጣ? ከማንም። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ዓመታት አነስተኛ ወጪ ከሽያጩ ጋር አነጻጽረን፣ ዝቅተኛውን ዓመት ወስደን፣ በደብዳቤው ላይ "ይህ ግምት ነው፣ ማስረጃ የለውም፣ መሠረቱ ይህ ነው" ብለን ጻፍን። ዝቅተኛውን የወሰድነው ለማስደሰት ብለን አይደለም። ግምት ላይ ክርክር ከተነሳ ሌላው ሁሉ ይቆማልና ትንሽ ትተን ትልቁን ማስጠበቅ ይሻላል ብለን ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ አልወደዱትም፣ በኋላ ተስማሙ።

እንግዲህ የደብዳቤው የመጨረሻ ክፍል ቀናትና ጥያቄ ነው። ቀን ሲጻፍ ሁሉንም አንድ ቀን ላይ አትጣሉ። ከባንክ የሚመጣው ቶሎ ይመጣል፣ ከአቅራቢ የሚመጣው ይዘገያል፣ ከደንበኛ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል። እኛ በሦስት ዙር ከፋፈልነው፦

"የባንክ መግለጫዎችንና የደሞዝ ሰነዶችን ይህ ደብዳቤ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ፣ የአቅራቢዎችን ማረጋገጫና የግዢ ዝርዝር በ60 ቀን ውስጥ፣ የደንበኞች ማረጋገጫንና የተጣራውን የሽያጭና የክምችት ስሌት በ90 ቀን ውስጥ እናቀርባለን። በዚህ መሠረት የዓመታዊ ግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያ ጊዜ እንዲራዘምልን፣ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ የሚገኙ ከዚህ ቀደም ያቀረብናቸው ማስታወቂያዎች ቅጂ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ጉዳዩን የሚከታተለው የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ነው።"

ማራዘሚያ ስትጠይቁ በእናንተ ሕግ ስንት ቀን እንደሚፈቀድና አደጋውን በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ፣ በየቦታው ስለሚለያይ። ጊዜው አጭር ከሆነ ሁሉም እስኪጣራ አትጠብቁ። መጀመሪያ አደጋው መድረሱን ብቻ የሚያሳውቅ አጭር ደብዳቤ አስገቡና ዝርዝሩ በዚህ ቀን ይመጣል በሉ። የፈለገው ቢሆን በቃል ተነጋግሮ መመለስ አይሠራም። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር አስመቱ፣ ያንን ቅጂ ደግሞ ከቢሮው ውጭ አስቀምጡ።

ቅጂውን መስጠት የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ራሱ መሥሪያ ቤቱ ጋ ያለው ፋይል ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ነው። በየወሩ ያሳወቅነው ሽያጭ እዚያ አለ። ያንን ስናገኝ ከባንክ የሠራነው ስሌት ከወርሃዊ ማስታወቂያው ጋር በአንዳንድ ወር ትንሽ ተለያየ። ልዩነቱን አልደበቅነውም። የአንዱ ወር መጨረሻ ሽያጭ ገንዘቡ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ባንክ መግባቱ ነበር፣ በዓመቱ ድምር ላይ ይጣጣማል፣ ይህንኑ አስረድተን አባሪ አደረግነው።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ ተጠርተን የተጠየቅነው ነገር ስለ እሳቱ አልነበረም። ፋይላችንን የያዘችው የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው፦ ከባንክ ላይ ብድር ነው ብለን ያወጣነው 80,000 የብድር ውሉ የት አለ፣ እና በደንበኞች ዝርዝር ውስጥ መልስ ያልሰጡት እነማን ናቸው። ለመጀመሪያው ከባንኩ የውሉን ቅጂ አምጥተን ሰጠን። ለሁለተኛው መልስ ያልሰጡትን ስማቸውን፣ የጻፍንላቸውን ደብዳቤና የተቀበሉበትን ፊርማ ይዘን ነበር፤ ለእነሱ የሸጥነውን ደግሞ በባንክ ካስገቡት ገንዘብ ብቻ እንደቆጠርን አስረዳን። የተቀረው ላይ ብዙ አልቆየችም።

በየዙሩ የምናቀርበውን ስናስገባ ከላዩ አንድ ገጽ ደብዳቤ እናደርጋለን። ምን ቃል እንደገባን፣ ምን እንዳቀረብን፣ ምን እንደዘገየና ለምን እንደዘገየ። በሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ትልቅ አቅራቢ መግለጫውን አላደረሰልንም ነበር፤ ቀኑ ሳያልፍ ቀድመን ይህንን ጻፍንና አዲስ ቀን ሰጠን። መግለጫው ሲመጣ ከገመትነው ግዢ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፣ የክምችቱ ቁጥርም አብሮ ተቀየረ፣ የተስተካከለውን ስሌት ለግብር መሥሪያ ቤቱም ለኢንሹራንሱም በአንድ ቀን አስገባን።